ሰኔ 30 ላይ ያልነበረ መብት፦ የባንክ ብድርን ከአጭር ጊዜ ወደ ረጅም ጊዜ ዕዳ ለማዛወር የቀረበ የኢሜይል ጥያቄ ሲመረመር

የበጀት ዓመታቸውን ሰኔ 30 ቀን በሚዘጉ ድርጅቶች ዘንድ ሐምሌና ነሐሴ የማስተካከያ ወራት ናቸው። የተዘለለ ወጪ ይመዘገባል፣ የዕቃ ቆጠራው ልዩነት ይታረቃል፣ የተጠራቀመ ወለድ ይሰላል። በዚህ ጊዜ ከሒሳብ ሠራተኛ ወደ ፋይናንስ ሥራ አስኪያጅ ከሚላኩ የማጽደቂያ ጥያቄዎች መካከል አንዱ መልኩ ቀላል፣ ውጤቱ ግን ከባድ ነው፤ ይኸውም የባንክ ብድርን ከአጭር ጊዜ ዕዳ ወደ ረጅም ጊዜ ዕዳ የማዛወር ጥያቄ ነው። ጥያቄው ትርፍና ኪሳራን አይነካም፤ ጠቅላላ ዕዳውም በአንድ ብር አይቀንስም። ሆኖም የድርጅቱን የመክፈል አቅም መልክ በአንድ መስመር ምዝገባ ይለውጣል። ይህ ጽሑፍ አንድ እንዲህ ያለ ኢሜይል ወስዶ የሚመረምር ሲሆን፣ ጉዳዩ ለማብራሪያ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ፋብሪካው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሳሪስና በለቡ ከሚገኙት መካከለኛ ፋብሪካዎች አንዱን እንዲመስል ተደርጎ የተቀረጸ የፕላስቲክ ማሸጊያ አምራች ነው እንጂ የማንም እውነተኛ ድርጅት ታሪክ አይደለም።

የኢሜይሉ ቃል የሚከተለው ነው፦

«ለ፦ ፋይናንስ ሥራ አስኪያጅ
ቀን፦ ነሐሴ 6 ቀን 2017
ጉዳዩ፦ የባንክ ብድር ወደ ረጅም ጊዜ ዕዳ እንዲዛወር ማጽደቅን ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ። በሰኔ 30 ቀን 2017 የሒሳብ ሚዛን ላይ የፕሮጀክት ብድራችን ቀሪ ብር 42,000,000 ሙሉ በሙሉ በአጭር ጊዜ ዕዳ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። እንደሚያውቁት ባንኩ የመክፈያ ጊዜውን ያራዘመልን ሲሆን፣ በአዲሱ ውል መሠረት እስከ ሐምሌ 17 ቀን 2018 ድረስ ከዋናው ብድር የምንከፍለው የለም። ስለዚህ ሙሉው ቀሪ ወደ ረጅም ጊዜ ዕዳ ተዛውሮ ለኦዲተሮች እንዲቀርብ እንዲያጸድቁልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ተጨማሪው ውል ተያይዟል።»

ኢሜይሉ በአንደኛ እይታ እንከን የለበትም። መጠኑን፣ ሒሳቡን፣ ምክንያቱንና ማስረጃውን ይዟል። ብዙ ሥራ አስኪያጆች «ጸድቋል» ብለው ቢመልሱለት አያስደንቅም። ችግሩ ያለው በኢሜይሉ ውስጥ ሳይሆን በኢሜይሉ ውስጥ ባልተጻፈ አንድ ቀን ላይ ነው፤ ተጨማሪው ውል የተፈረመው መቼ ነው?

የብድሩ ታሪክ እንዲህ ነው። ፋብሪካው በሰኔ 2015 ብር 60 ሚሊዮን ተበድሮ፣ በየሩብ ዓመቱ 3 ሚሊዮን እየከፈለ በ20 ክፍያዎች ለመጨረስ ተዋዋለ። ከመስከረም 30 ቀን 2016 እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ስድስት ክፍያዎችን በጊዜው ፈጽሞ 18 ሚሊዮኑን አቃለለ። በመሐሉ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የብር ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ጥሬ ዕቃውን በዶላር የሚገዛ፣ ምርቱን ግን በብር ለአገር ውስጥ ገዥ የሚሸጥ አምራች የሥራ ማስኬጃ ገንዘቡ ምን ያህል እንደሚጨነቅ መገመት አያዳግትም። ፋብሪካው የመጋቢት 30 እና የሰኔ 30 ቀን 2017 ክፍያዎችን ሳይከፍል ቀረ።

በመጀመሪያው የብድር ውል ውስጥ በአገራችን የብድር ውሎች የተለመደ አንድ አንቀጽ አለ፤ ማናቸውም ክፍያ ከመክፈያ ቀኑ በኋላ 60 ቀን ካለፈው ባንኩ ቀሪውን ብድር በሙሉ ወዲያውኑ እንዲከፈለው መጠየቅ ይችላል የሚል ነው። የመጋቢቱ ክፍያ 60 ቀን የሞላው ግንቦት 30 ነው። ፋብሪካው ግንቦት 20 ቀን የማራዘሚያ ማመልከቻ ጽፏል። ሰኔ 24 ቀን የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ የብድር ኮሚቴው ጥያቄውን እንደተቀበለው በስልክ ተናግረዋል። ውሉ የተፈረመው ግን ሐምሌ 17 ቀን 2017 ነው። በውሉ መሠረት 42 ሚሊዮኑ፣ ከተፈረመበት ቀን አንድ ዓመት እፎይታ ተሰጥቶት፣ በየሩብ ዓመቱ 1.5 ሚሊዮን ብር በ28 ክፍያዎች ይከፈላል፤ ወለዱ ግን በእፎይታውም ጊዜ መከፈሉን ይቀጥላል።

እንግዲህ አንባቢ ከመቀጠሉ በፊት መልሱን ለራሱ ቢሞክር መልካም ነው፤ ምክንያቱም ሦስት የተለያዩ መልሶች በየበኩላቸው ትክክል ይመስላሉ።

የሒሳብ ሠራተኛው መልስ ከ42 ሚሊዮኑ አንዳችም የአጭር ጊዜ ዕዳ አይደለም የሚል ነው። ሁለተኛው መልስ በመጀመሪያው የክፍያ ሠንጠረዥ ላይ ይመሠረታል፤ ውዝፉ 6 ሚሊዮንና በሚቀጥሉት 12 ወራት የሚከፈለው 12 ሚሊዮን፣ በድምሩ 18 ሚሊዮን የአጭር ጊዜ፣ የቀረው 24 ሚሊዮን የረጅም ጊዜ ይሆናል። ሦስተኛው 42 ሚሊዮኑ በሙሉ የአጭር ጊዜ ዕዳ ነው ይላል። በዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃ ቁጥር 1 መሠረት ትክክሉ ሦስተኛው ነው።

ደረጃው የሚጠይቀው ጥያቄ ብድሩ መቼ ይከፈላል የሚል አይደለም። ጥያቄው ድርጅቱ በሪፖርቱ ማብቂያ ቀን፣ ዕዳውን ቢያንስ ለ12 ወራት የማዘግየት መብት በእጁ ነበረው ወይ የሚል ነው። ሰኔ 30 ቀን ማታ ፋብሪካው በእጁ የነበረው አሮጌው ውል ብቻ ነው። በዚያ ውል ደግሞ ባንኩ ከግንቦት 30 በኋላ ሙሉውን ገንዘብ የመጠየቅ መብት አግኝቷል። ባንኩ ይህን መብት አለመጠቀሙ፣ ሊጠቀምበትም አለማሰቡ የባንኩ በጎ ፈቃድ ነው እንጂ የፋብሪካው መብት አይደለም። ደረጃው በዚህ ላይ ግልጽ ነው፤ ተበዳሪው በሪፖርቱ ማብቂያ ወይም ከዚያ በፊት የውል ግዴታ ጥሶ ዕዳው በተጠየቀ ጊዜ የሚከፈል ከሆነ፣ አበዳሪው ከማብቂያው ቀን በኋላ፣ መግለጫዎቹም ከመጽደቃቸው በፊት አልጠይቅም ብሎ ቢስማማም እንኳ ዕዳው የአጭር ጊዜ ሆኖ ይቀርባል። ከማብቂያው ቀን በኋላ የተጠናቀቀ የማራዘሚያ ስምምነትም ይህንኑ አይለውጥም።

የሰኔ 24ቱ የስልክ ቃልስ? ሥራ አስኪያጁን የሚፈትነው ይህ ነው፤ ኮሚቴው የወሰነው ከሰኔ 30 በፊት ነውና። ነገር ግን ያልተፈረመ ውሳኔ ፋብሪካው በባንኩ ላይ ሊያስፈጽመው የሚችለው መብት አይደለም። ባንኩ በሰኔ 25 ሐሳቡን ቢለውጥ ፋብሪካው ምን ይዞ ይከራከር ነበር? ይህ ጥያቄ ጥሩ መለኪያ ነው። ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ወጥመድም አለ። ተጨማሪ ውሎች አንዳንድ ጊዜ በሐምሌ ተፈርመው «ከሰኔ 1 ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል» የሚል ሐረግ ይይዛሉ። ሐረጉ በተዋዋዮቹ መካከል ለወለድና ለቅጣት ስሌት ሊሠራ ይችላል፤ ሰኔ 30 ቀን ያልነበረን መብት ግን ወደ ኋላ ሄዶ አይፈጥርም።

የሒሳብ ሠራተኛው ስህተት ከቸልተኝነት የመጣ አይመስልም፤ ምንጩ ምናልባት የመማሪያ ክፍሉ ሳይሆን አይቀርም። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የቆየው በአሜሪካ የመማሪያ መጻሕፍት ነው። በአሜሪካው ሥርዓት ደግሞ ከ1975 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለው ደንብ የተለየ ነው። ድርጅቱ ብድሩን በረጅም ጊዜ ብድር የመተካት ሐሳብ ካለውና፣ መግለጫዎቹ ከመውጣታቸው በፊት በተፈረመ ውል ወይም በተፈጸመ ብድር አቅሙን ካሳየ፣ ዕዳውን የረጅም ጊዜ አድርጎ ማቅረብ ይፈቀድለታል። አንድ ተማሪ ይህን ደንብ ለፈተና በቃሉ ይዞ፣ ሥራ ላይ ሲሰማራ ግን የሚያዘጋጀው በዓለም አቀፍ ደረጃዎች የሚመራ ሪፖርት ነው። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 ዓለም አቀፍ ደረጃዎችን ግዴታ ካደረገና የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ አተገባበሩን መከታተል ከጀመረ ወዲህ ሁለቱ ልምዶች በአንድ ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱ ሥርዓቶች በአብዛኛው ስለሚመሳሰሉ ልዩነቱ የሚወጣው እንዲህ ባለ ጠባብ ቦታ ላይ ነው፤ ለዚህም ነው ሳይስተዋል የሚያልፈው።

የቀኑ ጉዳይ ለ2017 ሪፖርት ሌላም ገጽታ አለው። ደረጃው በዚህ ርዕስ ላይ በ2020 እና በ2022 (እ.ኤ.አ.) የተሻሻለ ሲሆን፣ ማሻሻያዎቹ ተፈጻሚ የሆኑት ከጥር 1 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሚጀምሩ የሒሳብ ዓመታት ነው። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ላይ ይውላል። ዓመቱን ሐምሌ 1 ለሚጀምር ድርጅት ከዚያ ቀጥሎ የሚጀምረው ዓመት ሰኔ 30 ቀን 2017 የተዘጋው ነው። ስለዚህ ማሻሻያዎቹን ቀደም ብሎ ካልተጠቀመባቸው ፋብሪካ አንጻር፣ ይህ ሪፖርት በአዲሱ አነጋገር የሚዘጋጅ የመጀመሪያው ሪፖርት ነው። ማሻሻያው መብቱ «ያለ ቅድመ ሁኔታ» መሆን አለበት የሚለውን ቃል አስወግዶ፣ መብቱ በማብቂያው ቀን ያለና እውነተኛ ይዘት ያለው መሆን እንዳለበት ደነገገ፤ የአመራሩ ሐሳብ ወይም ፍላጎትም ምደባውን እንደማይነካ አጸና። ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የወጣውን ደረጃ የሚከተሉ ፋብሪካዎች ድንጋጌያቸው አጠር ያለ ሲሆን አሮጌውን «ያለ ቅድመ ሁኔታ» የሚል ቃል ይዞ ቆይቷል። በተያዘው ጉዳይ ግን ሰኔ 30 ላይ መብት ስላልነበረ መልሱ በሁለቱም ያው ነው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንመለስ። የፋብሪካው የአጭር ጊዜ ሀብት 71 ሚሊዮን ብር ነው። ከብድሩ ሌላ ያለው የአጭር ጊዜ ዕዳ፣ 2.1 ሚሊዮን የተጠራቀመ ወለድን ጨምሮ፣ 38 ሚሊዮን ነው። ብድሩ በቦታው ሲቆይ የአጭር ጊዜ ዕዳው 80 ሚሊዮን ይሆናል፤ እያንዳንዱን የአንድ ብር ዕዳ የሚሸፍነው የአጭር ጊዜ ሀብት 89 ሳንቲም ገደማ ብቻ ነው። ማዛወሩ ቢጸድቅ ኖሮ በአንድ ብር ዕዳ 1 ብር ከ87 ሳንቲም ይታይ ነበር። ፋብሪካው የሌተር ኦፍ ክሬዲት ወይም የኦቨርድራፍት ጥያቄ ለሌላ ባንክ ሲያቀርብ የብድር ተንታኙ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ንጽጽር ነው። የማጽደቂያው ጥያቄ ክብደትም ከዚህ ይመነጫል፤ የሒሳብ ሠራተኛው ባያስበው እንኳ፣ የሚዛወረው መስመር ሦስተኛ ወገን ገንዘቡን የሚያበድርበትን ውሳኔ ሊለውጥ ይችላል።

ውሉ ሰኔ 24 ቀን ተፈርሞ ቢሆን ኖሮስ? እዚህ ላይ ብዙዎች ኢሜይሉ ሙሉ በሙሉ ትክክል ይሆን ነበር ብለው ያስባሉ፤ ግን አይደለም። የአንድ ዓመቱ እፎይታ የሚቆጠረው ከፊርማው ቀን ስለሆነ የመጀመሪያው ክፍያ ሰኔ 24 ቀን 2018 ላይ ይወድቅ ነበር። ይህ ቀን ከሰኔ 30 ቀን 2017 በኋላ ባሉት 12 ወራት ውስጥ ነው። ስለዚህ 1.5 ሚሊዮኑ የአጭር ጊዜ፣ 40.5 ሚሊዮኑ የረጅም ጊዜ ሆኖ ይቀርብ ነበር፤ ንጽጽሩም 1 ብር ከ80 ሳንቲም ይሆናል። «እፎይታ አንድ ዓመት ነው» የሚለውን «ከሪፖርቱ ማብቂያ ጀምሮ አንድ ዓመት ነው» ብሎ ማንበብ የተለመደ ስህተት ነው።

በጊዜው የተፈረመ ውልም ቢሆን መብቱን በቅድመ ክፍያ ወይም በተጨማሪ መያዣ ላይ ሊያንጠለጥለው ይችላል። ለምሳሌ ውሉ «ተበዳሪው ብር 4 ሚሊዮን ገቢ ካደረገበት ቀን ጀምሮ ይጸናል» ካለና ገንዘቡ የገባው ሐምሌ 5 ከሆነ፣ ሰኔ 24 የተፈረመው ወረቀት ሰኔ 30 ላይ መብት አልሆነም። በአንጻሩ ውሉ ጸንቶ፣ ለወደፊቱ ብቻ የሚለካ ግዴታ ቢጥል፣ ለምሳሌ የፋብሪካው ዕዳ ታኅሣሥ 30 ቀን 2018 ከካፒታሉ እጥፍ እንዳይበልጥ ቢል፣ ይህ የሰኔ 30ን ምደባ አይለውጥም። ነገር ግን ግዴታው መቼ እንደሚለካና ፋብሪካው ሊቸገር እንደሚችል የሚያመለክቱ ሁኔታዎች በመግለጫው ማብራሪያ ውስጥ መጻፍ አለባቸው።

ሥራ አስኪያጁ ኢሜይሉን ሲመልሱ ሊጽፉት የሚገባው ቃል እንግዲህ አጭር ነው፦ «ተያያዥ ውሉ የተፈረመው ሐምሌ 17 ስለሆነ ለሰኔ 30 ቀን 2017 ማዛወሩን አላጸድቅም። ሐምሌ ላይ የተደረገውን ስምምነት የሚገልጽ ማብራሪያ አዘጋጅተህ ላክልኝ።» ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ባልተናነሰ አስፈላጊ ነው። ከማብቂያው ቀን በኋላ የተደረገ የብድር ማራዘሚያ ምደባውን ባይለውጥም በማብራሪያ እንዲገለጽ ደረጃው ያዛል። ለፋብሪካውም የሚጠቅመው ይኸው ማብራሪያ ነው። የአጭር ጊዜ ዕዳው ከአጭር ጊዜ ሀብቱ በ9 ሚሊዮን መብለጡን ያየ ኦዲተር ስለ ድርጅቱ ቀጣይነት መጠየቁ አይቀርም፤ በሐምሌ የተፈረመው ውል ለዚያ ጥያቄ ጠንካራ መልስ ነው። የብድር ተንታኙም ማብራሪያውን አንብቦ 42 ሚሊዮኑ በሚቀጥለው ዓመት እንደማይጠየቅ ይረዳል። በምደባው ሊባል ያልተቻለው እውነት በማብራሪያው በግልጽ ይባላል። ማብራሪያው እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦

«የባንክ ብድር ቀሪ ብር 42,000,000 በአጭር ጊዜ ዕዳ ውስጥ የቀረበው፣ ድርጅቱ የመጋቢት 30 ቀን 2017 ክፍያ በውሉ በተወሰነው ጊዜ ባለመፈጸሙ አበዳሪው ሙሉውን ብድር የመጠየቅ መብት ስለነበረው ነው። ሐምሌ 17 ቀን 2017 በተፈረመ ተጨማሪ ውል የብድሩ መክፈያ የተራዘመ ሲሆን፣ የመጀመሪያው የዋና ብድር ክፍያ ሐምሌ 17 ቀን 2018 ይፈጸማል።»

ምዝገባውስ መቼ ይደረጋል? በ2018 መዝገብ፣ በሐምሌ 17 ቀን፣ የአጭር ጊዜ የባንክ ብድርን በ42 ሚሊዮን ዴቢት፣ የረጅም ጊዜ የባንክ ብድርን በዚያው መጠን ክሬዲት በማድረግ ነው። ውሉ እንዳለ ከቀጠለ ሰኔ 30 ቀን 2018 ላይ፣ ከሐምሌ 17 ቀን ጀምሮ በዓመቱ የሚከፈሉት አራት ክፍያዎች፣ ማለትም 6 ሚሊዮን ብር፣ ተመልሰው ወደ አጭር ጊዜ ይመጣሉ፤ 36 ሚሊዮኑ በረጅም ጊዜ ይቀራል። የውሉ መለወጥ በራሱ በፋይናንስ መሣሪያዎች ደረጃ መሠረት ሌላ ስሌት ያስከትላል፤ አዲሱ የክፍያ ፍሰት ከአሮጌው ምን ያህል እንደሚለይ ተለክቶ ልዩነቱ በ2018 ትርፍና ኪሳራ ውስጥ ይመዘገባል። ይህ ከማዛወሩ ጋር መምታታት የለበትም።

በተግባር አንድ ተጨማሪ አደጋ ይታያል። በብዙ ቢሮዎች አገልግሎት ላይ ባለው ፒችትሪ ውስጥ ብድርን ከአጭር ወደ ረጅም ጊዜ ማሻገር በጆርናል ቫውቸር ብቻ ሳይሆን፣ የሒሳቡን ዓይነት ከ Other Current Liabilities ወደ Long Term Liabilities በመለወጥም ይቻላል። ሁለተኛው መንገድ ፈጣን ነው፤ ሆኖም ቫውቸር አይወጣበትም፣ አጽዳቂ አይፈርምበትም፣ ለንጽጽር የሚታተሙትን ያለፉትን ዓመታት ቀሪዎችም አብሮ ይወስዳቸዋል። በተያዘው ጉዳይ የሰኔ 30 ቀን 2016 ሚዛን በትክክል ተከፍሎ ቀርቦ ነበር፤ የሒሳቡ ዓይነት ቢለወጥ ያ ዓመት ማንም ሳያዝዝ ይለወጣል። የብድር ሒሳቡ ከመጀመሪያው በሁለት የተለያዩ የሒሳብ ቁጥሮች ቢከፈትና ዝውውሩ ሁልጊዜ በቫውቸር ቢደረግ ይህ አይከሰትም።

ኦዲተሩ ስህተቱን የሚያገኝባቸው መንገዶችም ከቀን ጋር የተያያዙ ናቸው። ለባንኩ የሚላከው የማረጋገጫ ደብዳቤ ቀሪውን ብቻ ሳይሆን ውዝፉንም ይዞ ይመለሳል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው የባንክ መግለጫ ሲነበብ ክፍያዎቹ የት እንደቆሙ ይታያል። በተጨማሪው ውል ራስጌ ላይ ያለው የባንኩ የደብዳቤ ቁጥርና ቀን፣ በፋብሪካው መዝገብ ቤት ከተመታው የገቢ ማኅተም ጋር ሲነጻጸር የፊርማው ጊዜ ይለያል። የሒሳብ ሠራተኛው ከኢሜይሉ ጋር ውሉን ማያያዙ በዚህ ረገድ የሚመሰገን ነው፤ ሥራ አስኪያጁም ማድረግ የሚጠበቅባቸው አባሪውን ከፍተው የመጨረሻውን ገጽ ማየት ነበር።